1 ነው ወይስ 7? የእድራችንን አሮጌ መዝገብ ስገለብጥ የተጠራጠርኩትን እንዴት እንደመዘገብኩ

አቃቂ ያለው እድራችን አሮጌ ነው፣ መዝገቦቹም አርጅተዋል። ጥግ ጥጉን እርጥበት የበላቸው፣ ቢኩ ወደ ጀርባ የዘለቀባቸው፣ ጸሐፊ በተቀየረ ቁጥር የእጅ ጽሑፉ የተቀየረባቸው ደብተሮች ናቸው። እነዚህን ወደ ኮምፒዩተር የመገልበጡ ሥራ ለእኔ ደረሰ። እዚህ የምጽፈው በአንዲት ነገር ላይ ብቻ ነው፦ አንድ ቁጥር 1 ይሁን 7 ሳይለይልኝ ሲቀር ምን እንዳደረግሁ። የእድር፣ የዕቁብ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመሬት ደብተር ለመገልበጥ የተቀመጠ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አምናለሁ።

ከእኔ በፊት አንድ የጽሕፈት ቤት መዝገቡን በክፍያ ተይቦ ነበር። ወረቀቱ ሲያዩት ያምራል። አንድም ሰረዝ፣ አንድም የጥያቄ ምልክት የለበትም። ችግሩም እሱ ነበር። ዋናው ደብተር ላይ ዓይን ተጨንቆ የሚያነባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ተይቦ በመጣው ወረቀት ላይ ግን ሁሉም ቁጥር እኩል እርግጠኛ መስሎ ተቀምጧል። በግምት የገባው ቁጥር በደንብ ከተነበበው አይለይም። ስህተት እንዳለ ብታውቁ እንኳ የት እንዳለ ለማግኘት ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ማንበብ ነው። የተየበው ሰው ሲተይብ የተጠራጠረባቸውን ቦታዎች ያውቃቸው ነበር። ያ እውቀት ከእሱ ጋር ሄደ።

እድር ውስጥ ደግሞ ቁጥር ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ ወርሃዊ መዋጯችን 1 ብር ነበረች። ስለዚህ በክፍያ ዓምድ ላይ 1 ማለት የአንድ ወር፣ 7 ማለት ውዝፉን ጠቅልሎ የከፈለ ሰው የሰባት ወር ማለት ነው። አንዷን ጭረት ያልተረዳ ገልባጭ በሰው ላይ የስድስት ወር ዕዳ ይጭናል።

መጀመሪያ ያደረግሁት መገልበጥ አልነበረም፤ የጸሐፊዎቹን እጅ መማር ነበር። ይህን ሳይሠሩ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። ደብተሩ ውስጥ ሌላ ሊሆኑ የማይችሉ ቁጥሮች አሉ። የገጽ ቁጥር አለ፤ ከ16 ቀጥሎ 17 እንጂ 11 አይመጣም። በዓመተ ምሕረት መነሻ ላይ ያሉት 1 እና 9 አሉ። የቀን ቁጥር ከ30 አይበልጥም፣ ስለዚህ በአሥር ቤት ላይ የቆመው 7 ሊሆን አይችልም። ከእነዚህ ቦታዎች የእያንዳንዱን ጸሐፊ 1፣ 4፣ 7 እና 9 በስልኬ እያነሳሁ በአንድ ገጽ ላይ ደረደርኳቸው። ያ ገጽ መዝገበ ቃላቴ ሆነ።

የተገኘው ነገር አስገራሚ ነበር። የመጀመሪያው ጸሐፊ 1ን ሲጽፉ አናቱ ላይ ረጅም ጭረት ያደርጋሉ፣ 7ን ግን መሃሉን ይሰርዙታል። ሰረዙ ካለ 7 ነው፣ ያለ ጥርጥር። ቀጥሎ የመጡት ጸሐፊ ግን 7ን አይሰርዙም። 1ን ቀጥ አድርገው ያለ ጭረት ይጽፋሉ። ስለዚህ ጭረት ያለው ያልተሰረዘ ቁጥር በአንዱ እጅ 1፣ በሌላው እጅ 7 ነው። ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ ቅርጹን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የከፋው ሁለቱ የሥራ ዘመን የተቀላቀለባቸው ገጾች ላይ ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ኋላ ላይ ያረመበት መስመር አለ። እዚያ ላይ የቀለሙን ዓይነትና የአጠገቡን ፊደላት አይቼ የማን እጅ እንደሆነ ካልለየሁ ቁጥሩን እርግጠኛ አድርጌ አልጽፍም።

እግረ መንገዴን፣ ቢክ ለደበዘዘበት ቦታ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ክፍሉን አጨልሙና የስልክ መብራት ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊነካካ በሚል ዝቅታ አብሩበት። ቢክ ወረቀቱን ተጭኖ ስለሚጽፍ ቀለሙ ቢሄድም ቦዩ ይቀራል። የ4 አናት ክፍት ይሁን የተዘጋ በዚህ የለየሁበት ጊዜ አለ። ውሃ ያበጠው ወረቀት ላይ ግን አይሠራም፤ ቦዩም አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ምልክቱ። «?» ብቻ ማስቀመጥን አልወደድኩትም። 1987? ተብሎ ቢጻፍ የትኛው አኃዝ ነው ያጠራጠረው? መጨረሻው ነው ወይስ ዓመቱ በሙሉ? ሌላውስ አማራጭ ምንድን ነው? ስለዚህ የተጠራጠርኩትን አኃዝ ብቻ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገብቼ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ እጽፋለሁ፦ 198[1/7]። ጨርሶ የጠፋ አኃዝ ከሆነ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ፦ 19[..]። እነዚህ ሁለቱ መለየት አለባቸው። አንዱ «አይቼዋለሁ፣ ከሁለት አንዱ ነው» ይላል። ሌላው «የማየው ነገር የለም» ይላል። የድሮ ጽሑፍ የሚያትሙ ምሁራንም በ1931 እ.ኤ.አ. ላይደን ላይ የተስማሙበት ሥርዓት ይህንኑ ይለያል። በከፊል የሚታይን ፊደል ከሥሩ ነጥብ ያደርጉበታል፣ የጠፋውን በማዕዘን ቅንፍ ይከቡታል። እኔ ከሥር ነጥብ አልተጠቀምኩም፤ ብዙ የኮምፒዩተርና የስልክ ፊደላት ነጥቡን አያሳዩትም ወይም ከቦታው ያዛንፉታል።

ኤክሴል ላይ ሕዋሱን ቀይ ወይም ቢጫ ቀለም መቀባትም አልመክርም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ገልብጠው በቴሌግራም ሲልኩት ወይም በጥቁርና ነጭ ሲያትሙት ቀለሙ ይጠፋል። የቀረው ቁጥር እርግጠኛ ይመስላል። ምልክቱ ከቁጥሩ ጋር በአንድ ላይ የተጻፈ ከሆነ ግን አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ጋ ኤክሴል አንድ ወጥመድ አለው። ቅንፍ የገባበት ቁጥር ለእሱ ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አይደለም። `=SUM(D2:D40)` ስትሉት ጽሑፍ የሆነውን ሕዋስ ዝም ብሎ ዘሎት ይደምራል፣ ምንም አይናገርም። ማለትም ጥርጣሬን በሐቀኝነት ጽፋችሁ ድምሩን ሳታውቁ ልታሳንሱት ትችላላችሁ። ለዚህ ሲባል ለእያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ዓምድ አደረግሁ፤ አንዱ «የተነበበው»፣ ሌላው «ዋጋ»። የተነበበው ዓምድ አስቀድሞ በ`Text` የተዘጋጀ ነው፣ ዓይኔ ያየውን ብቻ ይይዛል። ዋጋ የሚለው ዓምድ እርግጠኛ ካልሆንኩ ባዶ ይቀራል። ሦስተኛ ዓምድ ምክንያት ይጻፍበታል፣ አራተኛው የገጹን ፎቶ ቁጥር ይይዛል። ስንት የተጠራጠርኩበት መስመር እንዳለ ለማወቅ ይህ ይበቃል፦

```
=COUNTIF(B2:B400,"*[*")
```

ማንኛውም ድምር ሲሠራ ከጎኑ ይህ ቁጥር እንዲታይ አድርጌያለሁ። ድምሩን የሚያይ ሰው ስንት መስመር ላይ እንደተጠራጠርኩ አብሮ ያያል።

አንድ መስመር ልውሰድና እስከ መጨረሻው ልሂድበት። አንዲት እናት የእድሩ አባል የሆኑበት ቀን ነው። ተይቦ በመጣው ወረቀት ላይ «የካቲት 14 ቀን 1987» ይላል። ጥርት ያለ ነው። እድሩ ድንኳንና ዕቃ የገዛው በ1984 ነው። ከዚያ በኋላ የገባ አባል የዕቃ ድርሻ መክፈል አለበት። እኚህ እናት የዕቃ ድርሻ ስለመክፈላቸው የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት ባለ ዕዳ ናቸው። እሳቸው ደግሞ «እኔ እኮ ድንኳኑ ሲገዛ አዋጥቻለሁ!» ይላሉ።

ደብተሩን ገለጥኩ። እኔ ያየሁት ይህ ነው፦ «እሑድ የካቲት 1[4/9] ቀን 198[1/7]»። አናቱ የተዘጋ 4 ነው ወይስ 9? ቀለሙ ስለፈሰሰ አይለይም። የመጨረሻው አኃዝ ጭረት አለው፣ ሰረዝ የለውም። መስመሩ በየትኛው ጸሐፊ እጅ እንደተጻፈ ደግሞ አከራካሪ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በቅንፍ አስቀመጥኳቸው፣ ዋጋውን ባዶ ተውኩት።

ከዚያ ወደ ማጣራቱ። «እሑድ» የሚለው ቃል ትልቅ ምስክር ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው የማንኛውንም ዓመት መስከረም 1 ዕለት በወረቀት ያወጣል። 5500 ላይ 1981 ሲደመር 7481 ዓመተ ዓለም ነው። ይህን ለ4 ስናካፍል 1870 ይሆናል፣ ትርፉን እንጥለዋለን። ሁለቱ ሲደመሩ 9351 ናቸው። ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል። ትርፉ 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1981 እሑድ ዋለ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የወር መባቻ በየወሩ ሁለት ዕለት ይገፋል። ከመስከረም እስከ የካቲት አምስት ወር ነው፣ አሥር ዕለት፤ ሰባቱ ሲወጣ ሦስት። እሑድ ሲደመር ሦስት፣ ረቡዕ። የካቲት 1 ረቡዕ ከሆነ እሑዶቹ 5፣ 12፣ 19 እና 26 ናቸው። የካቲት 14 ማክሰኞ ነው። እድራችን ደግሞ የሚሰበሰበው እሑድ ነው። እንግዲህ ቀኑ 19 ነው፤ «14» ተብሎ የተተየበው በግምት ነበር።

ይህ ዘዴ በቀን ላይ በጣም ኃይለኛ ነው። 4 እና 9 በአምስት ይራራቃሉ፣ 1 እና 7 በስድስት፣ 3 እና 8 በአምስት፣ 0 እና 6 በስድስት። ዕለቱ ከተጻፈ ሁሉም ይለያሉ። የማይለዩት በሰባት የሚራራቁት ብቻ ናቸው፤ 0 ከ7፣ 1 ከ8፣ 2 ከ9። በግዕዝ አኃዝ የተጻፉት የመጀመሪያ ገጾቻችን ላይም ረድቶኛል። ፲፮ እና ፲፯ በተጣደፈ እጅ ይመሳሰላሉ፣ ግን በአንድ ቀን ስለሚለያዩ ዕለቱ ወዲያው ይፈርዳል።

ዓመቱስ? እዚህ ነው ሰው የሚታለለው። ስሌቱን ለ1987 ደገምኩት። 7487፣ ሲካፈል ለ4 1871፣ ድምሩ 9358፣ ለ7 ሲካፈል ትርፉ አሁንም 6። መስከረም 1 ቀን 1987ም እሑድ ነው! ከ1981 እስከ 1987 ስድስት ዓመት አለ፣ በየዓመቱ አንድ ዕለት ይገፋል። 1983 ላይ ጳጉሜን 6 ስለነበረች አንድ ይጨመራል። ድምሩ ሰባት፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። የሁለቱ ዓመታት የካቲት ፍጹም አንድ ነው። ስለዚህ ዕለቱ ቀኑን አረጋገጠልኝ፣ ስለ ዓመቱ ግን ምንም አልነገረኝም። 1971 እና 1977 ቢሆኑ ኖሮ በመካከላቸው ሁለት ባለ ስድስት ጳጉሜን (1971 እና 1975) ስላሉ ይለዩ ነበር። አንድ ማጣሪያ አንዱን አኃዝ ስለፈታ ሌላውንም ፈቷል ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ ቅንፍ የራሱን ምስክር መፈለግ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ጎረቤት መስመሮችን አየሁ። ከላይ 1980፣ ከታች 1982 ነው። 1981 ነው ብሎ መዝጋት ያስጎመጃል። ግን መስመሩ በሌላ ቀለም፣ በጠበበ ቦታ ውስጥ ተጨንቆ የተጻፈ ነው። ክፍት በቀረ መስመር ላይ ኋላ የገባ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት ምስክርነት እዚህ አይቆጠርም። ቅንፉ እንዳለ ቆየ።

የፈታው ሌላ ደብተር ነው። የ1981 የመዋጮ መዝገብ ጠፍቷል። የ1982ቱ ግን አለ። እዚያ ውስጥ የእኚህ እናት ስምና የአባልነት ቁጥር ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ ሲከፈልበት ይታያል። በ1987 የገባ ሰው በ1982 መዋጮ አይከፍልም። ዋጋ በሚለው ዓምድ 1981 ገባ። የተነበበው የሚለው ዓምድ ግን አልተነካም፤ እስከ ዛሬ «198[1/7]» ነው። ምክንያት የሚለው ላይ «በ1982 መዋጮ መዝገብ ስማቸው አለ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር። ኮሚቴው የዕቃ ድርሻውን ጥያቄ አነሳላቸው።

የተነበበውን ለምን አላስተካከልኩትም? ምክንያቱም 1981 እኔ ያነበብኩት አይደለም፤ የደረስኩበት ነው። ነገ አንድ ሰው የ1982ቱ ደብተር የሌላ ሰው ስም ነው ብሎ ቢያሳየኝ ወደ ቅንፉ መመለስ መቻል አለበት። ያየነውና ያሰብነው ከተቀላቀለ መመለሻ የለም።

በክፍያ ዓምዶች ላይ ያለው ምስክር የገጹ ድምር ነው። ድምሩ 96 ይላል፣ እርግጠኛ የሆኑት ሁሉ ሲደመሩ 89 ናቸው፣ ያጠራጠረው አንድ [1/7] ብቻ ነው። 7 ነው። ነገር ግን በአንድ ገጽ ሁለት [1/7] ካሉና የጎደለው 8 ከሆነ፣ አንዱ 1 ሌላው 7 መሆኑን ብቻ ነው የምታውቁት። የትኛው የማን እንደሆነ ድምሩ አይነግራችሁም። ሁለቱም ቅንፍ ውስጥ ይቆያሉ፣ ምክንያት ላይ «ሁለቱ ሲደመሩ 8» ይጻፋል። በድምር ከመተማመን በፊት ደግሞ ጸሐፊው ሲደምሩ ይሳሳቱ እንደነበር ምንም ጥርጥር በሌለባቸው ገጾች ላይ ፈትኑ። አንደኛው ጸሐፊያችን ሲደምሩ ንቅንቅ አይሉም። የሌላኛውን ድምር ግን ምስክር አድርጌ አልጠቀምበትም፤ ግልጽ በሆኑ ገጾች ላይም አይገጥምም።

ስልክ ቁጥር ከሁሉም ይከብዳል። ድምር የለው፣ ዕለት የለው። የትኛውም አኃዝ ቢቀየር ሌላ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ይሆናል፣ የሌላ ሰው ስልክ። የሚረዳው መነሻው ብቻ ነው። በ07 የሚጀምሩ የሳፋሪኮም ቁጥሮች ሥራ ላይ የዋሉት ኩባንያው አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ነው። ስለዚህ በ2009 በተጻፈ ገጽ ላይ ያለ 0[7/9] ያለ ጭንቀት 09 ነው። በ2016 በተጻፈ ገጽ ላይ ግን ሁለቱም ይቻላሉ። የተቀሩትን በቅንፍ ትቼ ዝርዝራቸውን ለአሁኑ ጸሐፊ ሰጠሁ፤ በስብሰባ ቀን አባሉን ራሱን መጠየቅ ከግምት ይቀላል። በነገራችን ላይ ስልክ ያለበት ዓምድም `Text` መሆን አለበት፤ አለዚያ ኤክሴል የፊቱን 0 ይበላዋል።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ምን ያህል ምልክት ይደረግ? መጀመሪያ ሲደክመኝ ሁሉም ነገር አጠራጣሪ ይመስለኝ ነበር። ገጹ በሙሉ ቅንፍ ከሆነ ደግሞ ማንም አያየውም፤ እውነተኛው ጥርጣሬ ውስጡ ይሰወራል። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ይህ ነው፦ ተፎካካሪውን አኃዝ በስሙ መጥራት ካልቻልኩ ቅንፍ አላደርግም። «ይህ 5 ነው፣ ግን ደስ አላለኝም» አይበቃም። «5 ነው ወይስ 3፣ ምክንያቱም የአናቱ ሰረዝ አይታይም» ካልኩ ይበቃል። ተፎካካሪ ሳላገኝለት ደስ ያላለኝን ቁጥር ትቼው አድሬ ጠዋት አየዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ዓይን ደክሞት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ያልተፈቱት ቅንፎች ቀርተዋል፣ አሁንም አሉ። ኮሚቴው መጀመሪያ ላይ «አንዱን ወስን እንጂ» ብሎኝ ነበር። የእኚያን እናት መስመር ከፎቶው ጋር አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ በመተዳደሪያው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመሩ፦ በቅንፍ ያለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ አባልን መቅጣትም ሆነ ከአባልነት መሰረዝ አይቻልም፤ አስቀድሞ ዋናው ደብተር ይታያል፣ አባሉም ይጠየቃል።